የሥር ጥላ፦ ድንጋዩ ላይ ያልተቀመጠው ጀበና

ፎቶ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች «ኮንታክት ሻዶው» የሚሉት ጥላ አለ። አንድ ዕቃ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ዕቃውና መሬቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚታየው ቀጭንና ጠቆር ያለ ጥላ ነው። በዚህ ጽሑፍ «የሥር ጥላ» እለዋለሁ። «የንክኪ ጥላ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጥላውን የሚያጠቁረው መነካካቱ ሳይሆን ከዕቃው ሥር ያለው ጠባብ ስርቻ ነው።

ከሌላው ጥላ የሚለየውም በዚሁ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ወደ ጎን የሚጥለው ረጅም ጥላ፣ «የወደቀ ጥላ» እንበለውና፣ ፀሐይ ባታገኘውም ከሰማዩ የሚወርደው ብርሃን ያገኘዋል። ስለዚህ ድፍን ጥቁር አይሆንም፤ ጥርት ባለ ቀን እንዲያውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከዕቃው ሥር ወዳለው ስርቻ ግን የሰማዩም ብርሃን አይደርስም። የሥር ጥላ በፎቶው ውስጥ ካሉት ጥላዎች ሁሉ የሚጠቁረው፣ ከዕቃው ትንሽ ራቅ ሲሉም ወዲያው የሚሳሳው ለዚህ ነው።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ እንየው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ሙያውን የምትለማመድ ወጣት የሁለት አዲስ ተጋቢዎች ፎቶ ተሰጣት። ፎቶው በጥምቀት ሰሞን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ አንኮበር የቤተ መንግሥቱ ጉብታ ላይ የተነሣ ነው። ካሜራው ወደ ሰሜን ዞሯል፤ ሙሽሮቹ ቆመዋል፤ ከፊታቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ጀበና እንዲጨመርላቸው ፈልገዋል። ልጅቱ የፎቶ ቤቱን ጀበና ማቶት ላይ አስቀምጣ፣ በግራ በኩል መብራት አድርጋ አነሣችው። ዙሪያውን ቆርጣ ድንጋዩ ላይ አኖረችውና ፎቶሾፕ ውስጥ Drop Shadow የሚለውን መርጣ ጥላ ሰጠችው። ጥላው ከጀበናው በስተ ቀኝ ወጣ።

«ልጄ፣ ጀበናው የት ነው የተቀመጠው?» አላት አሠልጣኟ።

«ድንጋዩ ላይ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እኔ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው የመሰለኝ።»

እውነቱን ነው። Drop Shadow የዕቃውን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ይገለብጥና ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ዳሩን በእኩል ያደበዝዘዋል። እንዲህ ያለ ጥላ የሚሠራው ከግድግዳ ትንሽ ራቅ ብሎ ለተሰቀለ ወረቀት ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ጥላ ግን ከእግሩ ተነሥቶ መሬቱ ላይ ይተኛል፤ ከእግሩ ጋር መቼም አይለያይም። የልጅቱ ጀበና አንገት ጎን ጥላ ነበረ፤ ከማቶቱ ሥር ግን ድንጋዩ እንደነጣ ቀርቷል። ዓይን ይህን ሲያይ ዕቃው ተንሳፍፏል ብሎ ይፈርዳል።

መፍትሔው በእጅ የሚሠራ ነው። ከጀበናው በታች አዲስ ላየር ከፈተች፤ የላየሩን ዓይነት Multiply አደረገችና በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ የማቶቱን ጠርዝ ተከትላ ቀጭን መስመር ሳበች። መስመሩ በድንጋዩ ልክ ሲታሰብ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በላዩ ሌላ፣ ሰፋ ያለና እጅግ የሳሳ ጨመረች። የመጀመሪያ ሙከራዋ ጥላ ሳይሆን ጥላሸት መስሎ ነበር፤ ዙሪያውን በእኩል ውፍረት ስለሳበችው ነው። ፀሐይ ባለችበት በኩል መስመሩ እንደ ፀጉር መቅጠን፣ ፀሐይ በሌለችበት በኩል ደግሞ መወፈር አለበት። ያንን ስታርም ጀበናው ድንጋዩ ላይ አረፈ።

ሙሽሮቹ አይተው ወደዱት። ሁለተኛው ስሕተት ግን ገና አልታየም ነበር፦ የወደቀው ጥላ አሁንም ወደ ቀኝ ነው የተኛው፣ የሙሽሮቹ ጥላ ግን ወደ ግራ። ይህን ማንም ልብ አላለም፤ አለማለታቸውም አይገርምም። ኦስትሮቭስኪ፣ ካቫና እና ሲንሃ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰው በአንድ ምስል ውስጥ ብርሃን ከተለያየ አቅጣጫ መምጣቱን ለመለየት እንደሚቸገር አሳይተዋል። መንሳፈፍን ዓይን በራሱ ይይዘዋል፤ የአቅጣጫ ስሕተትን ግን ማስመሪያ ካልተያዘ አያገኘውም።

አሠልጣኟም ያስያዛት ማስመሪያ ነው። ከሙሽራው ራስ ጫፍ ተነሥታ የዚያው ጫፍ ጥላ እስካረፈበት ድረስ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች፤ መስመሩንም ከፎቶው ውጪ ድረስ አስረዘመችው። ከሙሽሪት ራስ እንዲሁ፤ ከድንጋዩ ማዕዘንም እንዲሁ። ሦስቱ መስመሮች ከፎቶው ውጪ በግራ በታች በኩል አንድ ቦታ ተገናኙ። የፀሐይ ጨረሮች ጎን ለጎን የሚወርዱ ትይዩ መስመሮች ስለሆኑ፣ ፎቶ ላይ ልክ እንደ ባቡር ሐዲድ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ። ፀሐይዋ ከካሜራው ፊት ብትሆን ነጥቡ ፀሐይዋ ራሷ ትሆን ነበር፤ እዚህ ግን ከካሜራው ቀኝ በስተኋላ ስለነበረች ነጥቡ በተቃራኒው ወረደ። ከጀበናው ክዳን የተሳበው መስመር ብቻ ወደ ቀኝ ሄዶ ቀረ። ኤሪክ ኪ፣ ጄምስ ኦብራየን እና ሃኒ ፋሪድ በ2013 እ.ኤ.አ. የተጭበረበሩ ፎቶዎችን ለመለየት ያቀረቡት ዘዴም በዚሁ ሕግ ላይ የቆመ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፦ የተመረጠው ጫፍና የጥላው ጫፍ በርግጥ የአንድ ነገር መሆን አለባቸው። ጥላው ሻካራ ሣር ላይ ከተሰበረ መስመሩ ምንም አይነግርም።

ልጅቱ የወደቀውን ጥላ አጠፋችና እንደገና ጀመረች። መጀመሪያ ጀበናውን ግራና ቀኙን ገለበጠችው፤ የመብራቱ ንጣት በግራ ጎኑ ሆኖ ጥላው ወደ ግራ ቢወድቅ እርስ በርሱ ይጣላልና። ከዚያ ከማቶቱ ተነሥታ ወደ ግራና ትንሽ ወደ ኋላ፣ መስመሮቹ ወደሚገናኙበት ነጥብ እንዲስማማ አድርጋ ሳለችው። ርዝመቱንም መገመት አላስፈለጋትም። በጥር አጋማሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንኮበር ፀሐይዋ ከአድማስ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአንድ ነገር ጥላ የቁመቱን 1.7 እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጀበና ሜዳ ላይ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ድንጋዩ ያን ያህል ስፋት ስላልነበረው የጥላው ጫፍ ጠርዙን አልፎ መሬቱ ላይ ወረደ፤ እሱንም እዚያው ሰብራ ሳለችው።

ቀለሙን ከሙሽራው ጥላ ላይ ወሰደች እንጂ ጥቁር አልቀባችም። ዳሩንም በእኩል አላደበዘዘችም። ፀሐይ በሰማይ ላይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ የሚሰፋ ክብ ስለሆነች፣ ጥላ ከእግሩ ዘንድ የሰላ፣ ወደ ጫፉ የደበዘዘ ነው። በዚህ ጀበና ጫፍ ላይ ድብዛዜው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

የሥር ጥላና የወደቀ ጥላ ሁለት ስም የሚያስፈልጋቸው ለምን እንደሆነ ይበልጥ የሚታወቀው በክረምት ነው። በሐምሌ ደብረ ብርሃን ሰማዩ ደመና ሲለብስ የተነሣ ፎቶ ላይ የወደቀ ጥላ አይኖርም፤ መስመር የሚሳብበት ነገርም አይገኝም። በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ጀበና የሚጨምር ሰው ረጅሙን ጥላ ጨርሶ ይተወዋል፤ የሥር ጥላውን ግን በሁሉም በኩል በእኩል፣ ከፀሐይ ቀኑ ሰፋና ለስለስ አድርጎ ይሠራዋል።