የግንባታ ርክክብ መመሪያ ሰነድ

የግንባታ ርክክብ መመሪያ ሰነድ ሥራ ተቋራጩ ግንባታውን አጠናቆ ከቦታው ሲለቅ ግንባታውን ለሚያስተዳድረው አካል የሚያስረክበው የንድፎች፣ የመለኪያ ውጤቶች፣ የዋስትና ወረቀቶችና የጥገና መመሪያዎች ስብስብ ነው። ዋናው ክፍሉ በሙያው ሰዎች ዘንድ «አዝ ቢልት» የሚባለው ንድፍ ነው። ይህ ንድፍ ሊሠራ የታሰበውን ሳይሆን በእርግጥ የተሠራውን ያሳያል። በላስታ ላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች የዚህን ሰነድ ጥቅም በግልጽ የሚያሳዩ ግንባታዎች ናቸው።

== በኢትዮጵያ የርክክብ አሠራር ==

በኢትዮጵያ ግንባታ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይረከባል። መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያ በውሉ የተወሰነው፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት፣ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ሲያልፍ የመጨረሻው ርክክብ ይከተላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ለግንባታው ጽናት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ጉድለቱ ከመጀመሪያው የነበረ ነው ወይስ በኋላ የመጣ የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ በርክክብ ቀን የተወሰደ ልኬት ከሌለ አስተዳዳሪው የሚያሳየው ማስረጃ ያጥረዋል።

ሰነዱን ለመጠየቅ የሚበጀው ጊዜ ከጊዜያዊው ርክክብ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ተቋራጩ ያልተከፈለው ገንዘብ አለ፣ ቧንቧውን የቀበረውና ብረቱን ያሰረው ሠራተኛም ገና በቦታው ነው። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ የሚሰበሰብ ሰነድ በአብዛኛው የግምት ሥራ ይሆናል።

== የላሊበላ መጠለያዎች ==

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ከአለት የተፈለፈሉ በመሆናቸው ቀዳሚ ጠላታቸው ወደ ስንጥቁ የሚሰርግ የክረምት ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውኃ ለመከላከል ጣሪያዎች በሬንጅ ተቀብተው ነበር። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው የጥገና ቡድን ይህን ልባስ ማስወገድ ነበረበት። ከአንድ ጥገና በኋላ የሚመጣ ባለሙያ አለቱ ላይ ምን እንደተቀባና የት እንደተለጠፈ ካላወቀ፣ ግማሹን ጊዜ የሚያጠፋው ያለፈውን በመፈለግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት መጠለያዎች ተተክለው ተጠናቀቁ። እነዚህ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን ከቤተ መስቀል ጋር፣ ቤተ አማኑኤልን እና ቤተ አባ ሊባኖስን ይሸፍናሉ። ሲታቀዱ ቀላል፣ ጊዜያዊና ተነቃይ እንዲሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የከተማው ነዋሪዎች ስለ መጠለያዎቹ አደጋ ሰልፍ ወጡ። በመጋቢት 2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ሲጎበኙ ጉዳዩ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ዋነኛ ርእስ ሆነ።

«ጊዜያዊ» የተባለ ግንባታ ከታሰበው ዕድሜ በላይ ሲቆም፣ ርክክቡ ላይ ያልነበሩ ሰዎች ያስተዳድሩታል። እንዲህ ላለው መጠለያ የሚዘጋጅ ሰነድ ሙሉ ነው የሚባለው እነዚህ ሰዎች የሚያነሱትን ጥያቄ ሲመልስ ነው።

== ሰነዱ ምን መያዝ አለበት ==

መጀመሪያ የሚመጣው የመሠረቱ ጉዳይ ነው። ንድፉ እያንዳንዱ የብረት ምሶሶ የቆመበትን ቦታ ከቋሚ የልኬት ነጥብ ጋር አያይዞ፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና በመካከል የተገኘ ባዶ ዋሻ ወይም ስንጥቅ ካለ እርሱንም ጭምር ያሳያል። ተቋራጩ ስንጥቅ አጋጥሞት መሠረቱን ከታቀደበት ቦታ አንድ ሜትር ቢያርቀው፣ የመጀመሪያው ንድፍ ግን ሳይታረም ማኅተም ቢመታበት፣ ከዓመታት በኋላ ውኃ መውረጃ የሚቆፍር ሰው መሠረቱን ሳያውቅ ሊነካው ይችላል።

የሚቀጥለው የሽፋኑ ውጥረት ነው። ሽፋኑ ሲረግብ ውኃ ያቁራል። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ኩሬ በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ 600 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክብደቱ ሽፋኑን ይበልጥ ስለሚያረግበው ኩሬው ራሱን እያሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ በርክክብ ቀን የእያንዳንዱ የብረት ገመድ ውጥረትና ሽፋኑ በተመረጡ ነጥቦች ያለው ከፍታ ተለክቶ ይመዘገባል። አስተዳዳሪው ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ለክቶ ከዚህ ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። የሽፋኑ አምራች ስምና የምርት ቁጥር፣ ለመጣፊያ የሚሆን የዚያው ሽፋን ቁራጭና የአለጣጠፉ መመሪያም አብረው ይቀመጣሉ።

ልኬት ሲመዘገብ ሰዓቱና የአየሩ ሙቀት መጻፍ አለባቸው። ብረት በሙቀት ይረዝማል፤ 30 ሜትር የሆነ የብረት አካል ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። እንደ ላስታ ባለ ደጋ ሌሊቱና ቀኑ በሙቀት በእጅጉ ስለሚለያዩ፣ ማለዳ የተወሰደን ልኬት ከቀትር ልኬት ጋር ያነጻጸረ ሰው ጤነኛውን ግንባታ የተንቀሳቀሰ ሊያስመስለው ይችላል። ይህ ቀላል ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ስጋት ያስነሳል።

የውኃ መንገዱ በንድፍ ላይ በቀስት ብቻ ተጠቁሞ መቅረት የለበትም። ከሽፋኑ የወረደው ውኃ በየትኛው አሸንዳ እንደሚሰበሰብ፣ በየትኛው ቦይ እንደሚሄድና የት እንደሚፈስ፣ እንዲሁም ቦዩ የሚጠረግበት ወር ይገለጻል። ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ ጠረጋው ከሰኔ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ቦዩ ከተዘጋ ከጣሪያው የተከለከለው ውኃ ከአለቱ ሥር ሊገባ ይችላል።

በመጨረሻ የሚነቀልበት ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል ነው። የተወጠረ ሽፋን አንዱ ገመድ ብቻ ቢፈታ ኃይሉ ወደ ቀሩት ይዞራል፤ ምሶሶውም ባልታሰበ አቅጣጫ ይጎተታል። ስለዚህ የትኛው ገመድ ቀድሞ፣ በምን ያህል ደረጃ እንደሚላላና በዚያ ጊዜ ምሶሶው በምን እንደሚደገፍ በንድፍና በቁጥር ይገለጻል።

== ማረጋገጫ ==

ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ሁሉንም መለካት አያስፈልግም። የአስተዳዳሪው ባለሙያ በራሱ ምርጫ አምስት ወይም ስድስት ቦታ ይለካና ከንድፉ ጋር ያስተያያል። አንዱ ብቻ ካልገጠመ ስሕተቱ ይታረማል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልገጠሙ ንድፉ እንደ አዲስ ይለካ ዘንድ ይመለሳል። ሌላው ምልክት ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር ማነጻጸር ነው። በግንባታው ወቅት የተፈቀዱ ለውጦች ተመዝግበው ሳለ «አዝ ቢልቱ» ከመጀመሪያው ንድፍ ምንም የማይለይ ከሆነ፣ ማኅተሙ ብቻ የተቀየረ ወረቀት ነው።

ሰነዱ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር፣ አንዱ በቅርስ ባለሥልጣን፣ አንዱ በአማካሪው መሐንዲስ ዘንድ። ቀን በቀን በቦታው የሚገኙት ካህናትና ጠባቂዎች ስለሆኑ፣ የሚታዩትን ምልክቶች ማለትም የረገበ ሽፋንን፣ የቆረ ውኃን፣ የላላ ብሎንንና በምሶሶው ሥር የተከፈተ ስንጥቅን በሥዕል የሚያሳይ የአማርኛ ቅጽ ለብቻው ይዘጋጃል። ምልክቱን ያየ ሰው ቀኑን፣ ቦታውንና የምሶሶውን ቁጥር ጽፎ ለማን እንደሚያደርስ በዚያው ቅጽ ላይ ይሰፍራል።