ብላክ ታይ

በሪያድ ከተማ በኤምባሲዎች ሰፈር ለሚደረግ የእራት ግብዣ በሚላክ የጥሪ ካርድ ግርጌ «ብላክ ታይ ወይም ብሔራዊ ልብስ» የሚል ቃል ሲጻፍ፥ ከወገኖቻችን አያሌዎቹ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ረጅም ጥቁር ከረባት ቢያስሩ ትእዛዙን የፈጸሙ ይመስላቸዋል፤ ይህ ግን ለቀብር የሚገባ አለባበስ እንጂ ብላክ ታይ አይደለም። ቃሉ የሚያመለክተው በእጅ የሚታሰረውን ጥቁር ቢራቢሮ ከረባትና ከእርሱ ጋር የሚሄደውን ሥርዓተ ልብስ በሙሉ ነው፤ ይኸውም የደረቱ እጥፋት በሐር የተሸፈነ ጥቁር ኮት፥ በጎኑ የሐር ጥብጣብ የወረደበትና ቀበቶ የማይታሰርበት ሱሪ፥ ነጭ ሸሚዝ፥ እንዲሁም በሚገባ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው። ለመለየት የኮቱን እጥፋት መመልከት ይበቃል፤ ሐር ከሌለው ተራ ሙሉ ልብስ ስለሆነ ስፍራው «ላውንጅ ሱት» የሚል ጥሪ ነው። «ስማርት ካዡዋል» ከእነዚህ የላላ ሲሆን፥ ከሱሪው ጨርቅ የተለየ ኮትና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ያለ ከረባት ይበቁታል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው «ወይም» የሚለው ቃል ነው። ሳዑዲው እንግዳ በነጭ ቶቡ ላይ ጠርዙ በወርቅ ክር የተጠለፈ ቢሽት ደርቦ ሲመጣ ከባለ ቢራቢሮው እኩል በክብር እንደ ለበሰ ይቆጠራል፤ ኢትዮጵያዊውም ንጹሕ እጀ ጠባብ ከነሱሪው ለብሶ ኩታ ወይም ካባ ቢደርብበት እንዲሁ ነው። ካርዱ ብሔራዊ ልብስን ካልጠቀሰ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ጋባዡን አስቀድመህ ጠይቅ።