ከፎቶ ላይ የሒሳብ ቁጥርና ስልክ ቁጥር ስንገለብጥ

አነስተኛ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፡፡ ድሮ ደንበኞቼ ወረቀት ይዘው ነበር የሚመጡት፤ አሁን ብዙዎቹ ስልካቸውን ዘርግተው “ይህቺን ፎቶ ልላክልህና በላይዋ ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ” ነው የሚሉት፡፡ ፎቶው አንዳንዴ የባንክ ደብተር፣ አንዳንዴም የእድር መዝገብ ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይሆናል፡፡ ሥራው ቀላል ይመስላል፡፡ እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ቀን እስከተሳሳትኩ ድረስ፡፡

ባለቤታቸው የታመመባቸው አንዲት እናት ለሕክምና የገንዘብ እርዳታ መጠየቂያ በራሪ ወረቀት ላሠራላቸው መጡ፡፡ የባንክ ደብተራቸውን ልጃቸው በስልክ አንስታ ላከችልኝ፡፡ ቁጥሩን ገለበጥኩ፣ 200 ቅጂ አወጣሁ፣ ይዘው ሄዱ፡፡ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡና “ልጄ፣ ሰው ባንክ ሄዶ ‘እንዲህ ያለ ቁጥር የለም’ እየተባለ ይመለሳል፡፡ በስልኩም የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው” አሉኝ፡፡ ሁለቱም ስህተቶች የእኔ ነበሩ፡፡ ወረቀቱን ያለ ክፍያ ደግሜ አወጣሁላቸው፤ ያለፉትን ሦስት ቀናት ግን መመለስ አልቻልኩም፡፡ ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አሠራር ለአንባቢ ላካፍል፡፡

ስህተቱ የት ነበር?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ያለው ሲሆን በ1000 ይጀምራል፡፡ የእኚህ እናት ቁጥር ከመጀመሪያው 1 ቀጥሎ አምስት ዜሮዎች ነበሩት፡፡ (ሙሉ ቁጥሩን እዚህ አላሰፍረውም፤ የባለቤቱ ነውና፡፡) እኔ አራት ዜሮ ጽፌ አለፍኩ፡፡ ዓይን ተመሳሳይ አሃዞች ተደርድረው ሲያይ አይቆጥርም፤ “ብዙ ዜሮ” ብሎ ያልፋል፡፡ ጽፌ ስጨርስ አሃዞቹን ብቆጥራቸው ኖሮ 12 መሆናቸውን እዚያው አውቅ ነበር፡፡

የስልክ ቁጥሩ ስህተት ከዚህ የባሰ ነበር፡፡ በመካከል ያለውን 47 አገላብጬ 74 አድርጌዋለሁ፡፡ እንዲህ ያለውን ስህተት መቁጠር አያድነውም፤ አሃዙ አሁንም 10 ነው፣ በ09 ይጀምራል፣ ሲደወልም ይጠራል፡፡ የሚያነሳው ግን ምንም የማያውቅ ሰው ነው፡፡ የሒሳብ ቁጥር ሲጎድል ባንኩ “የለም” ይላል፡፡ የተገላበጠ ስልክ ቁጥር ግን ማንም ሳያስጠነቅቅ ሌላ ሰው ጋ ያደርሳል፡፡ ስለዚህ ለሁለቱ የሚያስፈልገው ማረጋገጫ አንድ አይደለም፡፡

በመጀመሪያ ፎቶውን ማየት

አሁን ቁጥር ከመጻፌ በፊት ፎቶውን አስፍቼ አያለሁ፡፡ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚመጣ ሲሰፋ ይደበዝዛል፡፡ ያንኑ ፎቶ እንደ ፋይል አድርገው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ያኔ እንደተነሳ ይመጣል፡፡ ፕላስቲክ በለበሰ ደብተር ላይ ፍላሽ ከበራ ነጭ ብርሃኑ ሁለትና ሦስት አሃዝ ይውጣል፡፡ እንዲህ ከሆነ ፍላሹ ጠፍቶ፣ መስኮት አጠገብ፣ ደብተሩ በደንብ ተዘርግቶ እንደገና እንዲነሳ አደርጋለሁ፡፡ የገጹ መታጠፊያ ላይ የወደቀ አሃዝም ጠፍቶ ሊቀር ይችላል፡፡

የባንክ ደብተር ላይ ያለው ጽሑፍ በነጠብጣብ ማተሚያ የወጣ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው፡፡ ቀለሙ ሲሳሳ በግራ በኩል ያሉት ነጠብጣቦች የጠፉበት 8፣ 3 መስሎ ይታያል፡፡ በእጅ ሲጻፍ ደግሞ ዋነኞቹ አሳሳቾች 1 እና 7፣ 4 እና 9፣ 0 እና 6 ናቸው፡፡

እዚህ ላይ ብዙ የረዳኝ ዘዴ አለ፡፡ የሚያጠራጥር አሃዝ ሲገጥመኝ እዚያው ፎቶ ላይ እርግጠኛ የሆንኩበትን ያንኑ አሃዝ እፈልጋለሁ፡፡ የሞባይል ቁጥሩ በ09 የሚጀምር ከሆነ ሰውየው 0ን እና 9ን እንዴት እንደሚጽፍ ከዚያ አያለሁ፡፡ ከ1000 ደግሞ የ1 አጻጻፉን አገኛለሁ፡፡ ገጹ ላይ ቀን ካለ ዓመተ ምሕረቱ ተጨማሪ አሃዝ ይሰጠኛል፡፡ 1ን በቀጥታ መስመር ብቻ የሚጽፍ ሰው ከሆነ፣ አናቱ ላይ ጭረት ያለው ያ አጠራጣሪ አሃዝ 7 የመሆኑ ነገር ያመዝናል፡፡

ይህም ሆኖ የማይለይ አሃዝ ይኖራል፡፡ ያኔ በቦታው የጥያቄ ምልክት አስቀምጬ ባለቤቱን እጠይቃለሁ እንጂ በግምት አልሞላም፡፡ “ሦስት ይመስለኛል” ብሎ የተጻፈ አሃዝ ወረቀቱ ላይ ከወጣ በኋላ ከሌሎቹ እርግጠኛ አሃዞች አይለይም፡፡ በባለቤቱ ቁጥር ላይ “ማስተካከያ” የማድረግ ፈቃድም የለኝም፡፡ ቁጥሩ አንድ አሃዝ የጎደለው ከመሰለኝ ፎቶው ላይ እንዳለው ጽፌ “ይህ 12 ብቻ ነው፣ ዋናውን ይዩልኝ” እላለሁ፡፡

ሲጻፍ

የሒሳብ ቁጥሩን በአራት በአራት ከፍዬ እጽፋለሁ፤ 13 አሃዝ ሦስት ባለ አራት ክፍልና አንድ ብቸኛ አሃዝ ይሆናል፡፡ ሲከፋፈል የዜሮ ድርድሩ ስለሚሰበር ዓይን አይታለልም፤ የጎደለም ካለ የመጨረሻው ክፍል ወዲያው ይናገራል፡፡ ስልክ ቁጥር ከሆነ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አሃዝ መሆኑን አያለሁ፡፡ ከውጭ አገር ለሚደወልበት በ+251 ሲጻፍ የፊቱ ዜሮ ይወድቅና 9 አሃዝ ይከተላል፡፡ ሁለቱን ቀላቅሎ +25109 ብሎ መጀመር ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ነው፡፡

የእድር አባላትን ዝርዝር በኤክሴል የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ፡፡ ኤክሴል ስልክ ቁጥርን እንደ ብዛት ቆጥሮ የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል፤ 13 አሃዙን የሒሳብ ቁጥር ደግሞ 1.00E+12 ዓይነት ነገር አድርጎ ያሳያል፡፡ ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ከተጻፈበት ከ15ኛው በኋላ ያሉትን በዜሮ ይተካቸዋል፤ 16 አሃዝ ያለው የካርድ ቁጥር መጨረሻው ዜሮ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው፡፡ መድኃኒቱ ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት ዓምዱን መርጦ ዓይነቱን Text ማድረግ ነው፡፡ ከተጻፈ በኋላ መለወጡ የጠፋውን አሃዝ አይመልስም፡፡

ማመሳከር

የጻፍኩትን እኔው ብቻ ባመሳክር የመጀመሪያውን ስህተቴን ደግሜ አነባለሁ፡፡ ስለዚህ አንድ ሰው ከዋናው ያነባል፣ እኔ ስክሪኑ ላይ እከተላለሁ፡፡ አነባበቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ በእኛ ቋንቋ “ሦስት ዜሮ” የሚለው 000 ሊሆን ይችላል፣ 30ም ሊሆን ይችላል፡፡ “ሃያ ሦስት” ያለውን 203 አድርጎ የጻፈ ልጅ አይቻለሁ፡፡ ስለዚህ አሃዝ በአሃዝ ነው የሚነበበው፤ “ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ሦስት” እየተባለ፡፡ አንድ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ከተነበበ በኋላ ከኋላ ወደ ፊት ይደገማል፡፡ ወደ ኋላ ሲነበብ ልማድ ስለማያግዘን 47 እና 74 ዓይነቱ መገላበጥ ይጋለጣል፡፡

የመጨረሻው ማረጋገጫ ከወረቀቱ ውጭ ነው፡፡ በባንኩ የሞባይል መተግበሪያ የሒሳብ ቁጥሩ ሲገባ፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የባለሒሳቡ ስም ይወጣል፡፡ ባለቤቱ እያዩ ስሙን አንብበን እዚያው እናቆማለን፡፡ ስልኩን ደግሞ ከተጻፈው ወረቀት ላይ እያየሁ እደውላለሁ፤ ፊት ለፊቴ ያለው ስልክ መጥራት አለበት፡፡ ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፡፡

ከውጭ ለሚመጣ ቁጥርም አንድ ቃል ልጨምር፡፡ ዱባይ ወይም ጀርመን ያለ ዘመድ የሚልከው የሒሳብ ቁጥር አይባን የሚባለው ከሆነ፣ የኤምሬቶች በAE ይጀምርና በድምሩ 23፣ የጀርመን በDE ይጀምርና 22 ፊደልና አሃዝ ይኖረዋል፡፡ ከአገሩ ፊደላት ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች የማረጋገጫ ናቸው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በስሌት የተገኙ ስለሆኑ አንድ አሃዝ ሲሳሳት ወይም ሁለት ጎረቤታሞች ሲገላበጡ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ባንኩም አይቀበለውም፡፡ የእኛ አገር የሒሳብ ቁጥር አይባን ስላልሆነ፣ ከዚህ ወደ ውጭ ስንጽፍለት “አይባን” በሚለው ቦታ ላይ መሞላት የለበትም፡፡

የማን ቁጥር ነው?

አንዳንድ ሰው የሒሳብ ቁጥር መገልበጥ ራሱ ያስፈራዋል፡፡ ባለቤቱ የራሱን ቁጥር ጻፍልኝ ካለ በኮከብ ሸፍኖ ወይም ከፊሉን ትቶ መስጠት እርዳታ አይደለም፤ ገንዘብ የሚገባበትን ቁጥር ሙሉውን ይፈልጋል፡፡ ፎቶው ላይ የሌሎች ሰዎች ቁጥር ካለ ግን አልነካውም፡፡ የእድር መዝገብ ገጽ ሲላክልኝ የጠየቁኝን መስመር ብቻ ነው የምገለብጠው፡፡ የካርድ የምስጢር ቁጥር፣ ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት አሃዞችና በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድም ፎቶው ላይ ቢታዩ አልጽፋቸውም፤ እነዚህ ገንዘብ የሚወጣባቸው ናቸው፡፡ ሥራው ካለቀ በኋላ ፎቶውን ከስልኬም ከኮምፒዩተሬም አጠፋለሁ፣ ደንበኛውም ሲጠፋ እንዲያይ አደርጋለሁ፡፡

ለእኚያ እናት ሁለተኛውን ወረቀት ስሠራ ልጃቸው ከደብተሩ ላይ አነበበች፣ እኔ ተከተልኩ፣ ወደ ኋላም ደገምነው፡፡ ከዚያ ከወረቀቱ ላይ ደወልኩ፡፡ ነጠላቸው ውስጥ ስልኩ ሲጠራ “አሁን ገባ፣ እኔ ነኝ” አሉ፡፡ 200ውን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፡፡