ከውርስ ውስጥ የሚገባና ከውርስ ውጪ የሚያልፍ ገንዘብ
ከ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወዲህ ስለ ባንክ ሒሳብ፤ ስለ ሕይወት መድንና ስለ ጡረታ የቀረበ አጭር ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሰው ሲሞት ከሚተወው ገንዘብ የትኛው ከውርስ ሀብት ውስጥ ገብቶ ለወራሾች እንደሚከፋፈል፤ የትኛውስ ወደ ውርሱ ሳይገባ በቀጥታ በስም ለተጠራው ሰው እንደሚደርስ መመርመር ነው። ነገሩ ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በኮልፌ ቀራንዮ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከሐዘን ድንኳኑ ስትወጣ በእጇ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸው ልዩነት ነው።

በቀድሞው ዘመን ጥያቄው እምብዛም አልነበረም። ሟች የሚተወው ርስት፤ ከብት፤ የጦር መሣሪያና የቤት ዕቃ ነበር። ኑዛዜውን በንስሐ አባቱና በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ነበሩት። መሬትም ሆነ ከብት በሟች እጅ የነበረ ነገር ስለሆነ ወደ ወራሽ የሚተላለፈው በውርስ መንገድ ብቻ ነበር። ሟች በሕይወቱ ሳለ ያልያዘው፤ በሞቱ ምክንያት ብቻ የሚወለድ ገንዘብ የሚባል ነገር ገና አልታወቀም።

ይህን የለወጡት ባንክ፤ መድንና ጡረታ ናቸው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ. ም. ተከተለ። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ የመድን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ተቋቋመ፤ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌም በ1961 እ. ኤ. አ. ወጣ። እንግዲህ በሚያዝያ 1952 ዓ. ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲረቀቅ፤ እነዚህ አዳዲስ ገንዘቦች ከውርሱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት መወሰን ነበረበት።

ሕጉም በሦስት ተከታታይ አንቀጾች ወሰነው። በቁጥር 826 ውርስ ሟች በሞተ ጊዜ እንደሚከፈትና በሞቱ የማይቋረጡት መብቶቹና ግዴታዎቹ ወደ ወራሾቹ እንደሚተላለፉ ይናገራል። በቁጥር 827 የሕይወት መድን ገንዘብ ከውርሱ የሚገባው ሟች ተጠቃሚውን ሳይወስን ሲቀር ወይም ሌላ ምልክት ሳይሰጥ መድኑን «ለወራሾቼ» ብሎ የገባው እንደሆነ ብቻ ነው ይላል፤ በሌላው ሁኔታ ሁሉ ገንዘቡ የውርሱ ክፍል አይሆንም። በቁጥር 828 ደግሞ በሟች ሞት ምክንያት ለዘመዶቹ ወይም ለትዳር ጓደኛው የሚሰጥ ጡረታና ካሣ ከውርሱ ውጪ መሆኑን ያስረዳል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በአገራቸውም በስም ለታወቀ ተጠቃሚ የሚከፈል መድን ከውርስ ውጪ መሆኑን የ1930 እ. ኤ. አ. የመድን ሕግ አስቀድሞ ደንግጎት ነበር።

ምክንያቱን ማስተዋል ይገባል። የባንክ ገንዘብ ሟች በሕይወቱ ሳለ በባንኩ ላይ የነበረው መብት ነው፤ ማውጣት፤ መስጠት፤ ማባከንም ይችል ነበር። ስለዚህ እንደ በሬው ወይም እንደ ቤቱ ከሀብቱ ተቈጥሮ ወደ ወራሾቹ ይሄዳል። የመድኑ ገንዘብ ግን ሟች በእጁ ይዞት አያውቅም። ኩባንያው ሊከፍል ቃል የገባው ለሦስተኛ ሰው ነው፤ ያም ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ከውሉ እንጂ ከሟች እጅ አይደለም። ከሟች እጅ ያልወጣ ነገር ደግሞ የሟች ባለዕዳዎች ሊይዙት፤ ወራሾቹም ሊካፈሉት አይችሉም።

ይህ ልዩነት በአገራችን ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 መሠረት ኑዛዜ በሌለበት ጊዜ በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ እነርሱም እኩል ይካፈላሉ። ልጅ ከሌለ ወላጆች ይከተላሉ። ሚስት ወይም ባል ግን በሕግ ወራሽነት ከዘመዶቹ ተርታ አይቈጠሩም። ሚስት የምታገኘው በጋብቻ ዘመን የተፈራውን የጋራ ሀብት ግማሽ ነው፤ ይኸውም ውርስ ሳይሆን የራሷ ድርሻ ነው። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሚባል ይደነግጋል። በኮልፌ ብዙ እስላሞች ስለሚኖሩ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ሟች እስላም ሆኖ ተከራካሪዎቹም ሁሉ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ከተስማሙ፤ ሚስት ልጆች ካሉ ስምንተኛውን፤ ከሌሉም አራተኛውን ትወርሳለች።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በኮልፌ የሚኖር አንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ ሞተ እንበል። ሚስትና ከእርሷ የተወለዱ ሁለት ሕፃናት ልጆች አሉት፤ ከዚህ ጋብቻ በፊት ከሌላ ሴት የተወለደ የ25 ዓመት ወንድ ልጅም አለው። በጋብቻው ዘመን የተጠራቀመ 360,000 ብር በእርሱ ስም ባንክ አለ። የግል ዕዳው 60,000 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ ከፍሎ የገባለት 600,000 ብር የሕይወት መድን አለ። ኑዛዜ አልተወም።

በመጀመሪያ የባንኩን ገንዘብ እንውሰድ። ግማሹ፤ ማለት 180,000 ብር፤ የሚስት ነው። የቀረው 180,000 ብር ወደ ውርሱ ይገባል፤ ከእርሱም ዕዳው ሲከፈል 120,000 ብር ይተርፋል። ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 40,000 ብር ያገኛሉ፤ ሕጉ በጋብቻ ውስጥና ከጋብቻ ውጪ በተወለደ ልጅ መካከል ልዩነት አያደርግምና።

አሁን ወደ መድኑ እንመለስ። ሟች በቅጹ ላይ የሚስቱን ስም ጽፎ ከሆነ፤ 600,000 ብሩ በሙሉ ለእርሷ ይከፈላል። ባለዕዳውም ልጆቹም ከዚያ ላይ የሚጠይቁት የለም፤ እርሷም በጠቅላላው 780,000 ብር ይዛ ትወጣለች። ነገር ግን ሟች «ለወራሾቼ» ብሎ ብቻ ጽፎ ከሆነ ሁሉ ይገለበጣል። ገንዘቡ ወደ ውርሱ ገብቶ ከ180,000 ብር ጋር ሲደመር 780,000 ይሆናል፤ ዕዳው ተከፍሎ የሚቀረው 720,000 ብር ለሦስቱ ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 240,000 ይደርሳል። ሚስት 180,000 ብሯን ብቻ ይዛ ትቀራለች። ሟች «ወራሾቼ» ሲል ሚስቱንም ማሰቡ ሊሆን ይችላል፤ በልማድ አነጋገር ሚስት ወራሽ ናትና። በሕጉ አነጋገር ግን አይደለችም። ቅጹን ባዶ የተወውም ሰው ውጤቱ ይኸው ነው።

የጡረታው መንገድ ከሁለቱም ይለያል፤ እዚህ ተጠቃሚውን የሚመርጠው ሟች ሳይሆን ሕጉ ራሱ ነው። በጡረታ አዋጆቹ መሠረት ሚስት ባሏ ሊያገኘው ከሚገባው አበል 50 ከመቶ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 ከመቶ ይቀበላል። በምሳሌያችን እናትና ሁለቱ ሕፃናት በድምሩ 90 ከመቶ ያገኛሉ፤ የ25 ዓመቱ ልጅ በባንኩ ገንዘብ እኩል ወራሽ ቢሆንም ከዚህ ምንም የለውም። ሟች በኑዛዜ ቢናገር እንኳ ጡረታውን ወደ ሌላ ሊያዞረው አይችልም፤ የእርሱ ሀብት አይደለምና።

ከነዚህ ሁሉ በፊት የሚደርሰው የእድሩ ገንዘብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እድርን በስም ጠርቶ ስለ ክፍያው አልደነገገም። ነገር ግን እድሩ የሚከፍለው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ለሐዘንተኛው ቤተሰብ፤ በሞቱም ምክንያት ስለሆነ በጠባዩ ከባንኩ ሒሳብ ይልቅ ወደ ቁጥር 828 ይቀርባል። ለዚህም ነው የወራሽነት ማስረጃ ሳይጠየቅ በለቅሶው ሰሞን የሚከፈለው።

ለባንኩ ግን ማስረጃው ግድ ነው። በቁጥር 996 መሠረት ወራሹ ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤት ይጠይቃል፤ በአዲስ አበባ ይህን የማየት ሥልጣን ለከተማው ፍርድ ቤቶች ተሰጥቷል። በዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው፤ በሟች ውክልና ገንዘብ ያወጣ የነበረ ሰው ከሞቱ በኋላም ማውጣቱን መቀጠሉ ነው፤ ውክልና በወካዩ ሞት በመርሕ ይቋረጣል። ሁለተኛው፤ ሒሳቡ ሲከፈት በተጠሪነት የተመዘገበ ሰው ገንዘቡ የእኔ ነው ማለቱ ነው። በኒው ዮርክ ከ1904 እ. ኤ. አ. ወዲህ በፍርድ እንደጸናው ዓይነት፤ አስቀማጩ በስም ለጠራው ሰው ሲሞት በቀጥታ የሚያልፍ ሒሳብ በእኛ የውርስ ሕግ አልተደነገገም። የሞት ስጦታ የኑዛዜን ሥርዓት ይፈልጋል፤ በቃል ብቻ የተነገረ ኑዛዜም ቢሆን ሊሰጥ የሚችለው ለአንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ነው። ሦስተኛውና ብዙ የሚጎዳው፤ የወራሽነት ወረቀቱ የልጆቹን ስም ብቻ ስለያዘ ሒሳቡ በሙሉ ለእነርሱ መከፋፈሉ ነው። ሚስት የጋራ ሀብት ግማሿ አስቀድሞ ተለይቶ እንዲወጣ መጠየቅ አለባት፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው ማን እንደሚወርስ እንጂ የሟች ገንዘብ ስንት እንደሆነ አይደለም።

የመድኑ ቅጽም የራሱ አደጋ አለው። በቁጥር 906 መሠረት ለትዳር ጓደኛ የተደረገ የኑዛዜ ስጦታ በፍች ይፈርሳል። ይህ ግን ስለ ኑዛዜ የተነገረ ነው፤ በመድን ውል ላይ የቀረ የቀድሞ ሚስት ስም በራሱ ይጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

በመጨረሻም አንድ አከራካሪ ነጥብ እናነሣለን። አባት ልጁን በኑዛዜ ከውርስ ለመንቀል ቢፈልግ ቁጥር 938 ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድደዋል። በመድኑ ቅጽ ላይ የሌላ ሰው ስም ለመጻፍ ግን ምክንያት አይጠየቅም። በምሳሌያችን አንድ ስም መጻፉ የታላቁን ልጅ ድርሻ ከ240,000 ወደ 40,000 ብር አውርዶታል። ሕጉ የልጆችን እኩልነት በውርሱ በር ላይ ሲጠብቅ፤ ባሏ ለሞተባት ሴት በጎን በኩል ሌላ በር ከፍቷል። በዋናው በር መግባት ግን ለሚስት አልተፈቀደላትም። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው የጎኑን በር ስለ መዝጋት ሳይሆን፤ ሚስት ከቁጥር 842 ውጪ መቅረቷ አሁንም ተገቢ መሆን አለመሆኑ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን የኮልፌው ሠራተኛ ቅጹን ሲሞላ «ወራሾቼ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት ማንን እንደሚያመለክትና ማንን እንደሚያስቀር አውቆ ሊጽፍ ይገባዋል።