«ተልኳል»

ኢሜይል ልከን ስልካችን «ተልኳል» ሲለን፣ ደብዳቤው ደርሷል ብለን እናርፋለን። እኔ ቃሉ «ተሰልፏል» ቢሆን እመርጥ ነበር። ፖስትፊክስ የተባለው አመላላሽ ፕሮግራም ደብዳቤውን ሲረከበን የሚመልሰው እንዲህ ብሎ ነውና፦

```
250 2.0.0 Ok: queued as 4F1C2A
```

የመጨረሻው የወረፋ መለያ ነው። አመላላሹ በአድራሻው ከ@ ቀጥሎ ያለውን ስም ይዞ፣ የዚያን ስም ደብዳቤ የትኛው ሰርቨር እንደሚቀበል ከዲኤንኤስ ይጠይቅና እዚያ ላለው አመላላሽ ያስረክባል። ከዚያ እንደ ደቭኮት ያለ አድራሽ ተረክቦ በተቀባዩ ሳጥን ያስቀምጠዋል። ተቀባዩ በተንደርበርድ ከፍቶ የሚያነበው ከዚህ ሳጥን ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ደብዳቤው እዚያው ይጠብቀዋል።

የሚያሳስበኝ በሁለቱ አመላላሾች መካከል የሚፈጠረው መዘግየት ነው። ተቀባዩ ሰርቨር በ5 የሚጀምር ቁጥር ከመለሰ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው፤ ለላኪው ማስታወቂያ ይመለስለታል። በ4 ከጀመረ ግን «ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። ፖስትፊክስ ቅንብሩ ካልተለወጠ እስከ 5 ቀን ደጋግሞ ይሞክራል፤ እስከዚያ ለላኪው ምንም አይነግረውም። ሰኞ «ተልኳል» የተባለ የሥራ ማመልከቻ ረቡዕም ወረፋ ላይ ሊሆን ይችላል። ቀነ ገደብ ካለው ደውላችሁ መድረሱን ጠይቁ።