ጥርስን በመግጠምና በማፋጨት የሚመጣ የራስ ጎን ሕመም

ጥርስን በመግጠምና በማፋጨት የሚመጣ የራስ ጎን ሕመም በዓይን ጥግና በጆሮ መካከል ባለው የጭንቅላት ክፍል የሚሰማ፣ መንጋጋ ሲሠራ የሚብስ ራስ ምታት ነው። አንዱን ጎን ብቻ ወይም ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የራስ ምታት ምደባ ከመንጋጋ መገጣጠሚያና ከማኘኪያ ጡንቻዎች መታወክ የሚመጣ ሕመም ብሎ ለብቻው ይመድበዋል። በአገራችን ግን ብዙ ጊዜ «ሳይነስ ነው» ይባልና ይታለፋል፤ ሲከፋም ጤነኛ ጥርስ ይነቀልበታል። ሕመሙን ለመለየት የሚያስፈልገው በዋነኛነት የመርማሪው ጣትና ትክክለኛ ጥያቄ በመሆኑ፣ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው በሚገኙ ሆስፒታሎችም ሊታወቅ የሚገባው ችግር ነው።

የሕመሙ ዋና ምንጭ ቴምፖራሊስ የሚባለው ጡንቻ ነው። የራስ ቅልን ጎን ሸፍኖ ይነሣና እየጠበበ በጉንጭ አጥንት ሥር አልፎ የታችኛውን መንጋጋ ይይዛል። ጣትን ከዓይን ጥግ አለፍ ብሎ በራስ ጎን ላይ አሳርፎ ጥርስን ግጥም ቢያደርጉ፣ ጡንቻው ከጣት ሥር ሲያብጥና ሲጠነክር ይሰማል። መንጋጋ ሥራ በማይኖረው ጊዜ ከንፈር ቢገጠምም የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መነካካት የለባቸውም። ጥርሱን ቀኑን ሙሉ ገጥሞ የሚውል ሰው ይህን ጡንቻ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ የደከመው ጡንቻም መታመም ይጀምራል። ከጡንቻው፣ ከመገጣጠሚያውና ከጥርስ የሚነሣውን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የተባለው የፊት ነርቭ አንድ በመሆኑ፣ የጡንቻው ሕመም የጥርስ ወይም የጆሮ መስሎ ሊሰማ ይችላል።

የቀኑና የሌሊቱ ልማድ አንድ አይደሉም። ቀን የሚታየው በአብዛኛው ድምፅ የሌለው መግጠም ነው፤ ሰው ሲጨነቅ፣ በሥራ ሲጠመድ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሣ ሳይታወቀው ያደርገዋል። የሌሊቱ ማፋጨት ደግሞ እንቅልፍ ለጥቂት ሰከንድ ሲሳሳ የሚከሰት የመንጋጋ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ድምፁን የሚሰማው አጠገብ የተኛው ሰው ነው። ልጅ ጥርሱን ሲያፋጭ «ወስፋት ቢኖርበት ነው» የሚባለው በጥናት የተረጋገጠ መንስኤ አይደለም። በብዙ ልጆች ዕድሜያቸው ሲጨምር ልማዱ በራሱ ይተዋቸዋል።

ከጆሮ ፊት ለፊት ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያም የራሱ ድርሻ አለው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አብራ የምትንሸራተት ቀጭን ዲስክ አለች። ዲስኳ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ስትመለስ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ስለሚገኝ፣ ሕመምና መቆለፍ ከሌለው ሕክምና አይሻም። ዲስኳ መመለስ ሲያቅታት ግን አፍ በግማሽ ተከፍቶ ይገታል፤ መገጣጠሚያው ያማል፣ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችም ይወጠራሉ፤ የራስ ጎን ሕመሙም ይከተላል።

ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለማሳየት፣ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ወደሚገኘው እናት ሆስፒታል ልትመጣ የምትችል አንዲት የ34 ዓመት መምህርት እናስብ። ጠዋት ስትነሣ ሁለቱም የራሷ ጎኖች እንደተጨመቁ ይሰማታል፤ ጉንጯም ይዝላል። ባለቤቷ ሌሊት ጥርሷን ስታፋጭ ይሰማል። በጾም ወቅት ቆሎ ስትቆረጥም ሕመሙ ይብሳል። ሳይነስ ተብላ መድኃኒት ወስዳለች፤ አንድ የላይኛ መንጋጋ ጥርሷም ተነቅሏል፤ ራስ ምታቱ ግን አልተዋትም።

መርማሪው በመጀመሪያ አፏን እንድትከፍት ያደርጋል። የራሷን ሦስት ጣቶች አቁማ በፊት ጥርሶቿ መካከል ማስገባት ከቻለች አከፋፈቱ በቂ ነው ለማለት ይቻላል። ቀጥሎ ቴምፖራሊስን ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ በ1 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይጫናል፤ ይህን መጠን ለመልመድ በሚዛን ላይ በጣት እየተጫኑ መለማመድ ይበቃል። ሲጫን «ያማል?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አያዋጣም፤ ጠንከር ተደርጎ ሲነካ የማያመው ሰው ጥቂት ነውና። ትክክለኛው ጥያቄ «ሁልጊዜ የሚያምዎት ራስ ምታት ይህ ነው?» የሚለው ነው። «አዎ ዶክተር፣ እሱው ነው» ካለች፣ ሕመሙም መንጋጋዋን ስታሠራ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ምንጩ ተገኘ ማለት ይቻላል። በአንጻሩ አንድ ጥርስ ሲንኳኳ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ለይቶ የሚያማት ቢሆን፣ ችግሩ ከጥርሱ ነበር ማለት ነው። ይህ ሳይጣራ ጥርስ መንቀል ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተነቀለው አይመለስም፣ ሕመሙም በቦታው ይቀራል።

ሕክምናዋ ቀኑን በማረም ይጀምራል። የምላሷን ጫፍ ከላይኛ የፊት ጥርሶቿ ኋላ አሳርፋ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ጥርሶቿን ማለያየት ትለማመዳለች። የትምህርት ቤቱ ደወል በተደወለ ቁጥር «ጥርሴ ገጥሟል?» ብላ ራሷን ብትጠይቅ ልማዱን ቶሎ ትይዘዋለች። ለጥቂት ሳምንታት ቆሎና ደረቅ ዳቦ ትታ በፍትፍት፣ በሽሮና በገንፎ ትቆያለች፤ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ያህል በጉንጯና በራሷ ጎን ላይ ታደርጋለች። ጨጓራና ኩላሊቷ ጤነኛ ከሆኑ አይቡፕሮፌን ለአጭር ጊዜ ሊታዘዝላት ይችላል። ካልተሻላት ሐኪሙ ማታ የሚወሰድ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን ሊያክልላት ይችላል። ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ግን ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

የጥርሷን ልክ ወስዶ ከጠንካራ አክሪሊክ የሚሠራ የሌሊት ሽፋን ጥርስ እንዳይበላ ይከላከላል፤ ለአንዳንዶች ሕመሙንም ያቀልላል። ማፋጨቱን ግን አያጠፋም። ሽፋኑ ሁሉንም ጥርሶች መሸፈን አለበት፤ ግማሹን ብቻ ከሸፈነ የቀሩት ቀስ በቀስ ከቦታቸው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ንክሻን ለማስተካከል ተብሎ ጥርስን መሞረድ ደግሞ ዛሬ አይመከርም። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ኮስተን በ1934 እ.ኤ.አ. የመንጋጋና የጆሮ ሕመምን ከጥርስ መጉደልና ከንክሻ መዛባት ጋር አያይዞ ከጻፈ በኋላ ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት ቆይቶ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን አልደገፉትም።

ታማሚው ጫት የሚቅም ከሆነም መጠየቅ አለበት። ጫት መንጋጋን ለሰዓታት ያሠራል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖንም የነርቭ አነቃቂ ነው። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲንም በአንዳንድ ሰዎች ጥርስ ማፋጨትን ያስነሣል። ማፋጨቱ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

አስቸኳይ የሚሆኑት ሁኔታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕድሜው ከ50 ባለፈ ሰው ላይ አዲስ የራስ ጎን ሕመም ሲጀምር፣ ሲያኝክ መንጋጋው ዝሎ ሲያርፍ የሚተወው ከሆነ፣ ሲያበጥር የራስ ቆዳው ከታመመ ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ ነው። ይህ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ስቴሮይድ በዚያው ቀን ካልተጀመረ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛው አፍ አልከፈት ሲልና አንገት ወይም ሆድ ሲገተር ነው። ያኔ ሊታሰብ የሚገባው ቴታነስ፣ ማለትም መንጋጋ ቆልፍ፣ በመሆኑ ቁስል ይኑርም አይኑር ታማሚው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።