ኮምፒውተር «O» ፊደልን ከዜሮ ጋር ለምን ያምታታል?

የወረቀት ጽሑፍ በስልክ ካሜራ ሲነሣ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው ፊደልን ሳይሆን የነጠብጣቦች ምስልን ነው። ኦሲአር የሚባለው ፊደል ለይቶ የማንበቢያ ዘዴ ምስሉን ወደ መስመሮችና ምልክቶች ይከፋፍላል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ምልክት አስቀድሞ ከተማራቸው ቅርጾች ጋር ያመሳክራል።

የላቲኑ O እና ዜሮ (0) ሁለቱም ዝግ ክብ ናቸው። ዜሮ ብዙ ጊዜ ጠበብ ይላል፤ ምስሉ ሲደበዝዝ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። በአማርኛ ዓይኑ «ዐ» ሦስተኛ ተመሳሳይ ይሆናል። ለኮምፒውተር ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ 0 በቁጥር 48፣ O በ79፣ ዐ በ4816 ይመዘገባሉ።

ለምሳሌ በደጀን ሁለት የጤፍ ሽያጭ ደረሰኞች 20 እና 15 ኩንታል ቢሉና የመጀመሪያው «2O» ተብሎ ቢነበብ፣ ስሕተቱ በዓይን አይለይም። የሒሳብ ሠንጠረዡ ግን «2O»ን እንደ ቃል ቈጥሮ ስለሚተወው ድምሩ በ35 ፈንታ 15 ይሆናል። ምልክቱም አለ፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ሲጠጋ ቃል ወደ ግራ ይጠጋል።

መፍትሔው የመጠኑ ዓምድ አኃዝ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ፊደልና አኃዝ በተቀላቀሉበት የመለያ ቁጥር ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ከዋናው ወረቀት ጋር ማመሳከር የሰው ሥራ ነው።